ቡፌውን ክፈቱትና እንነጋገር

ኮልፌ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባለ ውስኪ አለ፤ የሚጠጣውና የሚያሳየው። የሚያሳየው ይበዛል። ሳሎኑን የሞላ ቡፌ፣ ቡፌው ላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ለሠርግ የመጣ ብላክ ሌብል። በዚያ ሠርግ የተጋቡት ወልደው ልጃቸው ማትሪክ ተፈትኗል፤ ጠርሙሱ ግን ክዳኑ አልተነካም። እንግዳ ሲመጣ የቡፌው መብራት ይበራና ሻይ ይቀርባል።

አንዱ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ «ጋሽ ቡፌ» ይላቸዋል፣ እሱ ይበቃል። ባለፈው ቅዳሜ ብቅ ብለው ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ታች የደረደርኩትን አዩና ቆሙ።

«ባር ከፈትክ አሉ! ንግድ ፈቃድ አወጣህ?»

«የእርስዎ ሙዚየም ሲያወጣ አብሬ አወጣለሁ፣ ጋሼ።»

«ሦስት ጠርሙስ ደርድሮ ባር! አይ ዘመን!»

«የእኔ ሦስቱም ሥራ ላይ ናቸው። የእርስዎዎቹ ሁሉም ጡረታ ወጥተዋል።»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ጠርሙስ ስገዛ ሠራተኛ እንደሚቀጥር ሰው ነው የምጠይቀው፦ አንተ ስንት ሥራ ትችላለህ? ብቻህን ብቻ ነው የምትጠጣው? ከሎሚ ትስማማለህ? ከኮካስ? አንድ ሥራ ብቻ የሚችለው፣ ደመወዙም የሚከብደው፣ ወረፋውን ይጠብቅ። በዚህ ፈተና መጀመሪያ የሚወድቀው ውስኪ ነው። ውስኪ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከውጭ ሲገባ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፍላል፤ ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ኤክሳይስ ይታሰባል፤ በዚያ ሁሉ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጫናል። ቀረጥ በቀረጥ ላይ ተደራርቦ ኮልፌ ሲደርስ ከመጠጡ ይልቅ የምትገዛው ደረሰኙን ነው። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ይቀየራል።

«ታዲያ ኮልፌ ላይ ኮክቴል? ይሄ ቦሌ መሰለህ?» ያለኝ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ አያት ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ ሰፈራችንን በአውሮፕላን ነው የሚያየው።

ወንድሜ፣ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ውትድርና ሊማር አዲስ አበባ ሲመጣ የሠለጠነው ኮልፌ እንጂ ቦሌ አይደለም። ለማንዴላ ሞርታር መተኮስ ያስተማረ ሰፈር ሎሚ መጭመቅ አያቅተውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቅጥር ጂን ነው፤ የአገር ውስጡ ጂን። ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ አረቄ ሲያወጣ የኖረ ቤት ነው፤ ጂን አለው፣ ኡዞ አለው፣ ፈርኔት አለው፣ «ኮኛክ» የሚለውም አለው። ጂን ማለት ጣዕም የሌለው ንጹሕ አልኮል የጥድ ፍሬ መዓዛ ሲሰጠው ነው። (የፈረንጁ ጥድ ነው፤ የእንጦጦው የሐበሻ ጥድ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለምና ፍሬ ለቀማ እንዳትወጡ።) ያ የጥድ መዓዛ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ይነቃል እንጂ አይጣላም፤ ሥራ የሚያበዛለትም ይኸው ነው። በሎሚና በስኳር አንድ መጠጥ፣ አምቦ ውኃ ሲጨመርበት ሌላ፣ በቶኒክ ሌላ፣ ስኳሩ በማር ሲተካ ደግሞ ሌላ።

«ቮድካስ? ቮድካ ምን አጠፋ?»

ምንም አላጠፋም፤ ምንም አልሠራምም። ቮድካ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ጂን ይገባል፣ የራሱን መዓዛም ይዞ ይገባል። ቤቱ ጠባብ፣ ኪሱም ጠባብ ከሆነ ሁለት ሰው ለአንድ ወንበር አይቀጠርም።

«እናቴ የደብረ ብርሃን አረቄ እያላት እኔ ጂን ልገዛ?»

ይሄኛው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ቀልድ አልመልስበትም። አረቄ ለብቻው፣ በመለኪያ፣ በቀስታ ሲጠጣ ክብር አለው። ለመደባለቅ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ዳግም ከሆነማ ባለቤቷም አታውቀውም። ጠርሙስ ላይ 40 በመቶ የሚል ጂን ስትለካ ምን እንደለካህ ታውቃለህ፤ አረቄ ስትለካ ግን ለእንግዳህ ምን እንደሰጠኸው የምታውቀው ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ነው። ሁለተኛ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ሎሚውንም ስኳሩንም ዋጥ አድርጎ አረቄነቱን ይዞ ይቀራል። እናትህን እጅ ንሣልኝ፣ አረቄዋንም ለብቻው አክብረህ አስቀምጥ።

አሁን ወደ ሎሚው። የእኛ ሎሚ፣ ያቺ ትንሿ፣ ልጧ ቀጭን፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የምትሄደው፣ ፈረንጅ ለጂን ከሚፈልጋቸው ሁለት ሎሚዎች የአንዱ ቤተሰብ ናት፤ ሱፐርማርኬት ገብተህ ውድ የውጭ ሎሚ አትፈልግ። ትንሽ ስለሆነች ግን አንዷ ቢበዛ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ብትሰጥህ ነው። ከመቁረጥህ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍህ ተጭነህ አንከባልላት፤ ይበልጥ ትፈሳለች። የጠዋት ጭማቂ ለማታ አይሆንም፤ ሲቆይ መረር ይላል፣ ትኩስ መዓዛውም ይጠፋል። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ነው የሚጨመቀው።

ስኳሩን ደግሞ በማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምር፤ ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ስኳር በቀላሉ አይሟሟም፤ የመጀመሪያው ጉንጭ ኮምጣጣ፣ የመጨረሻው አሸዋ ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውኃ እሳት ላይ አሟሙተው፤ መፍላት የለበትም፣ ስኳሩ ሲጠፋ አውርደው። ቀዝቅዞ በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ደመና ካሳየ ወይም ላዩ ላይ ክር መሳይ ነገር ከታየ ድፋው። ማር ያለህ እንደሆነ ከብርዝ ወፈር አድርገህ፣ ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው፤ ጂን፣ ሎሚና ማር ከማንኛውም ሆቴል ዝርዝር የማይተናነስ መጠጥ ነው።

«መቀላቀያውስ? ያ ብረቱ፣ የሚንሿሿው?»

የኦቾሎኒ ቅቤ ያለቀበት ብልቃጥ የለህም? ክዳኑ ካጠበቀ እሱ ነው። ማጥለያ ደግሞ የሻይ ማጥለያ። ዕቃ ሳይሆን በረዶ ነው የሚያስቸግረው፤ የኮልፌ መብራት ደግሞ የበረዶ ጠላት ነው። ስለዚህ መብራት ባለበት ቀን በፕላስቲክ ኩባያ ትልልቁን አቀዝቅዝ፤ ትልቅ በረዶ ቶሎ አይቀልጥም፣ መብራት ሲሄድም እስከ ማታ ይታገላል። ስትነቀንቅ እስከ አሥራ አምስት ቁጠር፤ ብልቃጡ እጅህን እስኪያቀዘቅዘው። ያን ጊዜ ከበረዶው የቀለጠው ውኃ የመጠጡ አካል ሆኗል፤ ያለ እሱ ጂን ጉሮሮ ይቧጭራል። «ውኃ ቀላቀለበት» የሚሉህን አትስማ፤ ውኃውም ተለክቶ ነው የገባው።

መጠኑ ይኸው ነው፦ አንድ መለኪያ ጂን፣ ማለትም 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የመለኪያ ግማሽ ሎሚ፣ ከግማሽ በትንሹ ያነሰ የስኳር ውኃ። አረቄ የሚጠጣባት ያቺ አንገተ ቀጭን ብርጭቆ ቤትህ ካለች መለኪያ መግዛት አያስፈልግህም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ውኃ ሞልተህ በመድኃኒት ሲሪንጅ ስንት ሚሊ እንደምትይዝ አረጋግጥ። ሰው በዓይኑ ሲቀዳ ለወዳጁ አብዝቶ፣ ለአማቹ አሳንሶ ነው የሚቀዳው፤ መለኪያዋ ግን ዘመድ የላትም።

ይህን ረጅም መጠጥ ማድረግ ከፈለግህ በላዩ ላይ አምቦ ጨምርበት። አምቦ ግን ተራ ጋዝ ውኃ አይደለም፤ ማዕድን አለበት፣ ሆድ ሲያቃጥል የምንጠጣውም ለዚሁ ነው። የሆድ አሲድን የሚያበርድ ውኃ የሎሚህንም አሲድ ያበርደዋል። ስለዚህ በአምቦ ስትሠራ ሎሚውን ጠብታ ጨምርበት፤ ሳትጨምር ከሠራህ «ምን ጎደለው?» እያልክ ስኳር ትጨምራለህ፣ ከዚያም ያበላሸኸው አንተ ሆነህ ሳለ አምቦ ይሰደባል። ቀዝቃዛውን አምቦ በመጨረሻ፣ በብርጭቆው ጎን አፍስስ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አማስል፤ ጋዙ እንዳይሸሽ።

ለአራት እንግዳ እናስላው። አራት ሰው በሁለት ሁለት ብርጭቆ ስምንት ነው፤ 400 ሚሊ ሊትር ጂን ሄደ ማለት ነው። ሎሚው በ25 ሲባዛ 200 ሚሊ ይመጣል፤ ደረቅ ሎሚ ሊያጋጥም ስለሚችል አሥራ አራት ሎሚ ግዛ። የስኳር ውኃው 160 ያህል ነው፤ አንድ ብርጭቆ ስኳር ለዚያ ተርፎ ለሳምንቱ ይቀራል። ከ750ው ጠርሙስ 350 ተረፈ፤ ሰባት ሙሉ መለኪያ። ያው ስምንት መጠጥ ግሮሰሪ ቆመህ በ«ደብል» ብትጠራው ጠርሙሱን ከነልጆቹ ትገዛ ነበር።

ሁለተኛው ቅጥሬ ፈርኔት ነው። እዚህ ላይ አጎቴ ጣልቃ ይገባሉ፦

«ፈርኔት የጥሬ ሥጋ መድኃኒት ነው እንጂ ምን የእንግዳ መጠጥ ነው!»

«አጎቴ፣ አርጀንቲናን ያውቋታል?»

«የማራዶናን አገር? አዎ።»

«በዓለም ላይ ፈርኔትን እንደነሱ የሚጠጣ ሕዝብ የለም። የሚጠጡት ደግሞ በኮካ ነው።»

አጎቴ ዝም አሉ፤ ማራዶና የተነሣበት ክርክር ላይ አይቀጥሉም። ፈርኔት ከሚላን የመጣ፣ በብዙ ሥርና ቅጠል የመረረ መጠጥ ነው፤ ጣሊያን እዚህም ይዞት መጣ፣ እዚያም ይዞት ሄደ። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሙላ፣ አንድ መለኪያ ፈርኔት፣ ከዚያ ኮካውን ብርጭቆውን አጋድመህ ቀስ አድርገህ አውርድ፤ ቸኩለህ ካፈሰስክ ቡናማ አረፋው ጠረጴዛህን ያጥባል። ኮካ ያልገባበት የኮልፌ ሱቅ የለም፤ ስለዚህ ይህ መጠጥ ከበርህ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ሌላው የፈርኔት ሥራ ጠብታ መሆን ነው፦ በሌሎች መጠጦች ላይ ከሻይ ማንኪያ ሩቡ ብቻ፣ መጣፈጡ እንዳያሰለች። ጠርሙሱ ዓመት የሚቆይልህም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የአገር ውስጡ «ኮኛክ» ነው። ፈረንሳዮች ኮኛክ የሚሉት በኮኛክ አካባቢ የተሠራውን ብቻ ነው፤ በሕግ። የእኛ ጠርሙስ በዚያ ሕግ ቢከሰስ ብራንዲ ተብሎ በነጻ ይለቀቃል። እኔ የምፈልገው ስሙን አይደለም። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ፣ ጣዕሙ ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ጂን የማይገባበትን ይሸፍናል። የሰኔ ዝናብ ኮልፌን ሲያጨቀየው ሙቅ ሻይ ውስጥ ከሎሚና ከማር ጋር አንድ መለኪያ፤ ውስኪ ለምን አስፈለገ? ቀዝቃዛ ካልክ ደግሞ አንድ መለኪያ ኮኛክ፣ ግማሽ መለኪያ አክሱሚት፣ ሁለት ጠብታ ፈርኔት፣ በበረዶ ላይ አማስለህ አጥልለው። ፈረንጅ እዚህ ቦታ ላይ ቨርሙዝ የሚባል፣ ቅጠልና ቅመም የገባበት ወይን ይጨምራል። አክሱሚት ቨርሙዝ አይደለም፤ ቀይ ነው፣ ይጣፍጣል፣ መራራነቱ ይጎድለዋል። የጎደለውን ፈርኔት ይሞላዋል። ሁለት ጠርሙስ ተባብረው የሦስተኛውን ሥራ ሠሩ ማለት አይደል?

አክሱሚት ግን ወይን ነው። እንደ ጂኑ ከፍተህ መደርደሪያ ላይ ብትረሳው ኮምጣጤ ይሆንብሃል። ክዳኑን መልሰህ ፍሪጅ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ለወጥ ካልሆነ ለሰው አትስጠው። አክሱሚት የሚገዛው እንግዳ ሲኖር ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፣ የቀን ሠራተኛ ነው።

«ኡዞስ?» አለችኝ ባለቤቴ፤ እሷ ኡዞ ወዳጅ ናት፣ ስለዚህ ከሦስቱ ሌላ ኡዞ አለ። ባጀት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ እንግዳችን ኡዞው ላይ ውኃ ሲጨምርበት ወተት መሰለና ብርጭቆውን አርቆ አስቀመጠ። «ተበላሽቷል!» አለ። እሷ መለሰችለት፦ «አንተ ነህ የተበላሸኸው፤ እሱ ጤነኛ ነው።» ነገሩ እንዲህ ነው። ኡዞን ኡዞ የሚያደርገው የአኒስ ዘይት አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውኃ ውስጥ ግን አይሟሟም። ውኃ ሲበዛበት ዘይቱ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተበትኖ ብርሃን ይመልሳል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየውም እሱ ነው። እንዲያውም ነጭ የማይሆን ኡዞ ካጋጠመህ ያን ጊዜ ጠርጥር። በረዶ ቀድመህ አትጨምርበት፤ ዘይቱ በቅዝቃዜ ረግቶ ላዩ ላይ ቅንጣት ይሠራል። ኡዞ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ በረዶ።

የማይጠጣ ጎረቤቴም ቅሬታ አቀረበ። ኮልፌ ነው፤ ከግቢው ግማሹ ሙስሊም ነው፣ እሱም ከመስጊድ ሲመለስ በሬን አልፎ ነው የሚሄደው።

«ለኛ ምን አዘጋጀህ? ወይስ ሽታ ብቻ ነው የምናገኘው?»

«ለአንተማ ከሁሉ የሚበልጠውን።» ከርከዴ ቀቅዬ አቀዘቀዝኩ፤ ግማሽ መለኪያ ሎሚ፣ ግማሽ መለኪያ የስኳር ውኃ፣ አምቦ። ብልቃጡ ግን የራሱ ነው፤ አልኮል ነክቶት የማያውቅ፣ ክዳኑ ላይ ምልክት ያለው። ታጥቧል ብሎ ማሳመን ጨዋነት አይደለም። ብርጭቆውን አነሣና አብረውን የነበሩትን ጋሽ ቡፌን አያቸው፤ «የእርስዎ ቤት ስመጣ ውስኪውን የማይሰጡኝ ሐራም ስለሆነብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለክርስቲያኑም ሐራም ነው ለካ!»

ጋሽ ቡፌ በዚህች ተሸነፉ። «እሺ፣ እከፍተዋለሁ!» አሉ። ቁም ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ያ ጠርሙስ ለሠርግ በስጦታ የመጣ ነው፤ የሰጠው ከየት እንደገዛው አይታወቅም። ከመጠጣትዎ በፊት፣ ጋሼ፣ ያገላብጡት፤ ክዳኑ ሲዞር ቀለበቱ ይሰበራል ወይስ ዝም ብሎ ይዞራል? መጠጡ አንገቱ ላይ እኩል ደርሷል ወይስ ጎድሏል? መለያ ወረቀቱ ጠርዙ ተነሥቶ ሙጫ ያሳያል? የተጻፈው ላይ የፊደል ስህተት አለ? ከነዚህ አንዱ ካጠራጠረዎት ለቡፌው ይመልሱት፣ ጌጥነቱን ይቀጥል። አሽትቼ አውቃለሁ፣ በክብሪት ለኩሼ አውቃለሁ የሚልዎትን አይስሙ፤ ሜታኖል በጠረኑም በነበልባሉም ተለይቶ አይታወቅም፣ ዓይን ሲያሳውርና ሲገድል ግን ይታወቃል።

ሐሰተኛው ውስኪ ባዶ ጠርሙስ ይፈልጋል። ባዶውን የሚሰጠው ደግሞ እኔና አንተ ነን፤ ጠዋት በሩ ላይ «ቆራሌ!» ሲል ለውስኪ ጠርሙስ ከሌላው አብልጦ የሚከፍለው ጠርሙሱ ስላማረው አይደለም። ስለዚህ ጋሽ ቡፌም ሆናችሁ ሌሎቻችሁ፣ ጠርሙሱን ጠጥታችሁ ስትጨርሱ መለያውን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ላጡት፣ ክዳኑን በመዶሻ ጨፍልቁት፣ ከዚያ ሽጡት። ሦስት ብር ቢቀንስባችሁ ይቀንስ።